«ፅጌ»፣ «ኡርጋ» ወይስ «ኬሎ»? ለአዳማዋ ባልትና ቤት ስም ስንፈልግ

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂዋ ከእናቷ ጋር ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ እያዘጋጀች ለሰፈር ሰው ስትሸጥ ቆይታለች። አሁን ፍራንኮ አካባቢ ጠበብ ያለች ሱቅ ተከራይታለች። ንግድ ፈቃድ ከማውጣቷ በፊት ስሙን መቁረጥ አለባት። ያሰበችው የእናቷን ስም ነው፤ ፅጌ ባልትና። ደንበኞቿ ግን ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ናቸው። በገበያ ቀን ከወለንጪቲና ከዴራ የሚመጡም አሉ። ስሙ ለሁሉም አፍ እንዲቀል፣ ምልክቱም በግማሽ ኪሎ ከረጢት ላይ በአንድ ቀለም እንዲታተም ትፈልጋለች። ምን ትመክሩኛላችሁ ብላ ጠየቀች።

ከጥያቄዋ ሥር የተሰበሰበውን የመልሶች ክር ከመጀመሪያው ጀምሮ ስከታተለው ነበር። ረዝሟል፤ መሀል ላይም ወጣ ብሏል። ሱቅ ሊከፍት ላሰበ ሰው ግን የሚጠቅም ነገር ስላለው በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መልስ 1 እና 2 ምርቃት ናቸው። የእናት ስም በረከት ነው፣ አትቀይሪው አሉ። ሁለተኛዋ ሴትዮ በርበሬውን ቀምሳው እንደምታውቅም ጨምራለች።

መልስ 3 የወንጂ መምህር ነው። አፋን ኦሮሞ ያስተምራል። እህቴ ብሎ በትህትና ጀመረና ችግሩን አሳያት። አፋን ኦሮሞ «ፅ» የሚባል ድምፅ የለውም። ስለዚህ ከወለንጪቲ የመጣችው እናት ስሙን ወይ ወደ «ጥ» ወይ ወደ «ስ» ታዞረዋለች። አማርኛ ተናጋሪውም ቢሆን አንድ አይደለም፤ ገጠር ውስጥ ፀሐይን በ«ጠ» የሚጠራ ሞልቷል። ትልቁ ችግር ግን ጽሑፉ ላይ ነው። በቁቤ «ጥ» የሚጻፈው በ x ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ Xigee ብትጽፊ ቁቤ የሚያውቅ «ጢጌ» ብሎ ያነባል። በእንግሊዝኛ ልማድ የሚያነብ ደግሞ «ዚጌ» ይላል። Tsige ብትጽፊ ቁቤ የተማረ ልጅ ts ላይ ሊቆም ይችላል። አንድ ሱቅ ሦስት ስም ኖረው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችን ደጋግመን የተጠቀምንበትን መመዘኛ የሰጠው እሱ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ያለ ድምፅ ምረጪ፣ በላቲን ሲጻፍም በቁቤም በእንግሊዝኛም አንድ ዓይነት የሚነበብ ፊደል ይሁን አላት። b, d, f, g, k, l, m, n, r, s, t አያጣሉም። c, x, q, dh እና ph ግን ያጣላሉ። ምሳሌውም ጥሩ ነበር። ጨፌ በቁቤ Caffee ነው የሚጻፈው። ቁቤ የማያውቅ እንግዳ ግን ሰሌዳውን አይቶ ቡና ሊጠጣ ይገባል።

መልስ 4 ነገሩን በክፉ ወሰደው። የሰውን እናት ስም የማይነበብ ማለት ንቀት ነው አለ። እኛ በአባቶቻችን ስም ስንነግድ ማንም አልተቸገረም፣ ስም ያለው ሰው ስሙን አይደብቅም ብሎ ተቆጣ። ጥያቄውን በደንብ አላነበበውም መሰለኝ። ጠያቂዋ ራሷ መልስ 5 ላይ ገብታ አረጋጋችው። ጋሼ ብላ ጠርታ፣ እናቴን ለማክበር ነው የጠየቅኩት፣ ሰው እየተሳሳተ እንዳይጠራት ነው የምፈራው አለች። እሱም ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልመለሰም።

መልስ 6 የራሱን ገጠመኝ አመጣ። ሞጆ ጫማ ይሸጣል። ሱቁን ሲከፍት Gaarii አለው፤ በአፋን ኦሮሞ ጥሩ ማለት ነው። ሰሌዳውን በአማርኛ ሲያጽፈው «ጋሪ» ሆነ። አማርኛ አንባቢው ፈረስ የሚጎትተውን ጋሪ ነው ያየው። ልጆች የፈረሱ ጫማ አለ ወይ እያሉ ይጠይቁት ጀመር። ጥቂት ወራት ታግሶ ቀየረው። የሰሌዳውን፣ የካርዱንና የማህተሙን ዋጋ ሁለቴ ከፍሏል። መምህሩ መልስ 7 ላይ ይህን ተቀብሎ አንድ ጨመረ። «ገና» ብለሽ ብትጽፊ አማርኛ አንባቢ የልደት በዓልን ወይም «እስካሁን»ን ያስባል፤ የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ አይለዩም። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ደግሞ Ganna ሲል ክረምትን ነው የሚያስበው። አንድ ስም በአንዱ ቋንቋ ካማረሽ በኋላ በሌላው ምን እንደሚመስል ሳትጠይቂ አትለፊ ማለቱ ነው።

መልስ 8 ላይ ጠያቂዋ አዲስ ሐሳብ ይዛ መጣች። ኡርጋ ባልትና። በአፋን ኦሮሞ ኡርጋ መልካም ሽታ ማለት ነው፤ ለቅመማ ቅመም ይሄዳል። ድምፁም በሁለቱም አለ። መምህሩ ወደደው። እኔም ወድጄው ነበር።

መልስ 9 የማተሚያ ቤት ሰው ነው። አዳማ ውስጥ ከረጢት፣ ባነርና ማህተም ይሠራል። አነጋገሩ ደረቅ ነው፤ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመው እሱ ነው። ስም በዓይን አይፈተንም፣ በስልክ ነው የሚፈተን አለ። ስሙን በጽሑፍ ላላዩ አሥር ሰዎች ደውይ፤ አምስቱ አማርኛ፣ አምስቱ አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው ይሁኑ። ስሙን አንዴ ብቻ ተናገሪ፣ አትድገሚ። የሰሙትን በሚጽፉበት ፊደል ጽፈው በመልእክት ይላኩልሽ። በማግሥቱ ደግሞ የትኛው ሱቅ ነበር ብለሽ ጠይቂያቸው። ሲቻል ወፍጮ ቤት አጠገብ ቆመሽ ደውይ፤ ስምሽን የሚያስተዋውቅልሽ ሰው ፀጥታ ውስጥ ተቀምጦ አይደለም የሚያወራው።

መልስ 10 የዚህ ፈተና ውጤት ነው። አፋን ኦሮሞ የሚናገሩት አምስቱም በትክክል ጻፉት። ከአማርኛዎቹ ሦስቱ «እርጎ» ብለው ላኩላት። አንዷ እንዲያውም ሊትሩ ስንት ነው ብላ ጠይቃለች። በማግሥቱ ሲጠየቁም ያው እርጎ ነበር የቀረው። አማርኛ ላይ በ«ኡ» የሚጀምር የተለመደ ስም እምብዛም ስለሌለ ጆሮ የሚያውቀውን ይፈልጋል።

መልስ 11 ይህን አይቶ ስለ እርጎ መወደድ ጻፈ። መልስ 12 ደግሞ ለምን ዝም ብለሽ ናዝሬት ባልትና አትይውም አለ፤ ሁሉም የሚያውቀው ስም ነው ብሎ። ከዚህ በኋላ ክሩ ጠፋ። መልስ 13 ከተማዋ በይፋ አዳማ ከተባለች ስንት ዓመቷ ነው፣ አሁንም ናዝሬት ትላላችሁ ብሎ ተቆጣ። መልስ 14 እናቴ እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምትለው፣ ልቅጣት ወይ ብላ መለሰች። መልስ 15 ላይ አንድ አዛውንት ስሙ ከቁልቋል ዓይነት ዛፍ፣ ከአዳሚ የመጣ ነው የሚባለውን አስታወሱና ሁለቱንም ገሠጹ። ለጠያቂዋ የሚሆን አንድ ቁም ነገር ግን ከዚህ ወጣ። የከተማ ስም ያለበት የንግድ ስም የከተማውን ክርክር አብሮ ይሸከማል። ነገ አሰላ ላይ ቅርንጫፍ ልክፈት ብትልም አይመችም።

መልስ 16 የአሰላ ልጅ ናት። ክሩን የመለሰችው እሷ ነች። የእናትሽ ስም ፅጌ አበባ ማለት አይደል ወይ ብላ ጠየቀች። እንግዲያው ኬሎ በይው አለች። በአፋን ኦሮሞ ኬሎ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው፣ አማርኛ አደይ የሚለው አበባ ነው። የእናትሽ ስም ውስጡ ይኖራል፣ ድምፁም ለማንም አይከብድም አለች። ክ፣ ል፣ ሁለት አናባቢ፤ በቃ።

ጠያቂዋ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናትየው ስቀው፣ ስሜን ወደ አደይ ካሳደጋችሁት ቅር አይለኝም ማለታቸውን መልስ 17 ላይ ጻፈች።

መልስ 18 ግን ተቃወመ። ኬሎ የሚለውን አማርኛ ሰሚ ኪሎ ነው የሚለው አለ። ከእርጎ ወጥተሽ ኪሎ ውስጥ ገባሽ፣ የሚመዘን ነገር እየሸጡ ኪሎ መባል ግራ ያጋባል ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። የአሰላዋ ልጅ መልስ 19 ላይ ይሄ ጥሩ ነው እንጂ ምን ክፋት አለው አለች፤ ሰው ስሙን በኪሎ በኩል ያስታውሰዋል። እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። እርጎ ሰውን ወደ ሌላ ዕቃ ይወስደዋል። ኪሎ ግን ከባልትና ቤት አያስወጣውም። ፈተናውም ይህንኑ አሳየ። ጠያቂዋ ለሌሎች አሥር ሰዎች ደወለች፤ ሁለቱ ኪሎ ብለው ጻፉ፣ በማግሥቱ ግን ሁለቱም የበርበሬው ሱቅ መሆኑን አልረሱም።

መልስ 20 ላይ መምህሩ ስለ አጻጻፉ ገባ። በቁቤ Keelloo ነው፤ ረጅም e፣ የጠበቀ l፣ ረጅም o። Kelo ብሎ መጻፍ ለአፋን ኦሮሞ አንባቢ የፊደል ስህተት ነው፣ ሰሌዳ ላይ ስህተት ይዞ መቆም ደግሞ ደንበኛን አለማክበር ነው አለ። የሞጆው ጫማ ሻጭ አልተስማማም። ሰው ቴሌግራም ላይ ሲፈልግ kelo ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ሁለት e ሁለት l ሁለት o ማን ይቆጥራል አለ። ትንሽ ተሻኮቱ። ጫማ ሻጩ መምህሩን ፈተና ላይ ያለን መሰለህ እንዴ እስከማለት ደረሰ። መምህሩም የራስህን ሰሌዳ ሁለቴ ያሠራህ አንተ ነህ ብሎ መለሰለት። ከዚያ ሁለቱም ቀዝቀዝ አሉ። ጠያቂዋ ለሰሌዳው Keelloo ለማድረግ ወሰነች። ለቴሌግራሙ ግን አልተቋጨም። የተጠቃሚ ስም ቢያንስ አምስት ፊደል ስለሚፈልግ kelo ብቻውን አይያዝም። keelloo ባዶ ከሆነ መያዝ፣ kelobaltina የሚለውንም ማስቀረት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሁለት አድራሻ ሰውን ይበትናል ያለም አለ።

ከዚህ በኋላ ምልክቱ ላይ ገቡ። መልስ 22 ሙቀጫና ዘነዘና ይሳል አለ። ባልትና ማለት እሱ ነው ብሎ። መልስ 23 የፋርማሲ ባለሙያ ነች፤ ሙቀጫ ከዘነዘና ጋር በየአገሩ የመድኃኒት ቤት ምልክት ነው፣ እኔ ከሩቅ ባየው ፋርማሲ ነው የምለው አለች። መልስ 24 ታዲያ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እናድርግ አለ። እዚህ ላይ ማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ተመለሰ። መልስ 25 ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ነው።

ፊደል አታድርጊ አላት። በአማርኛ ኬ፣ በቁቤ K፤ ሁለት ምልክት ይሆንብሻል፣ አንዱን ብትመርጪ ደግሞ ግማሹ ደንበኛ አያነበውም። ሥዕል ግን ቋንቋ የለውም። አበባዋን ውሰጂ። ግን አበባዋን እንዳለች አትሳይ። ስድስት ወፍራም ቅጠልና መሀሉ ላይ አንድ ክብ ይበቃል። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከረጢት ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀለሙ ይደፍነዋል። ማህተሙ አራት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው፤ ዙሪያው በስምና በአድራሻ ስለሚያዝ አበባዋ መሀል የምታገኘው ቦታ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ መጀመሪያ በጥፍር ልክ አሳንሰሽ፣ በጥቁር ብቻ አትመሽ እይው። እዚያ ላይ አበባ ከመሰለ ባነር ላይም ይመስላል። ተቃራኒው ግን አይሠራም።

ስለ ቀለሙም ነገራት። አደይ ቢጫ ስለሆነች ቢጫ ይሁን የሚል ሰው ይመጣል፤ ነጭ ወይም ውስጡ የሚታይ ከረጢት ላይ ቢጫ አይታይም። በርበሬው ቀይ፣ ሽሮው ቢጫ ነው፤ ከኋላ ያለው ዕቃም ይውጠዋል። ከረጢቱ ላይ ጥቁር አረንጓዴ አድርጊው። ቢጫውን ለሰሌዳው፣ ያውም ከጥቁር አረንጓዴ መደብ ላይ አስቀምጪው።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ስለ ፊደሉ ያለው ነው። «ኬ» እና «ኪ» የሚለዩት እግሩ ላይ ባለችው ትንሽ ቀለበት ነው። «ኪ» ላይ አጭር ጭረት ናት፣ «ኬ» ላይ ክብ ናት። ቀለም ሲፈስ ክቧ ትደፈናለች። ያኔ ከረጢቱ ላይ ራሱ ኬሎ ኪሎ ይሆናል። ሰው በጆሮው ያላሳሳተውን ማተሚያው ያሳስተዋል። መፍትሔው ፊደሉን ዝም ብሎ ማወፈር አይደለም፤ ሲወፍር ቀለበቷ ይበልጥ ትጠባለች። መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ቀለበቷ ሰፋ ያለች ፊደል መምረጥ ነው። በነፃ ከሚገኙት Noto Sans Ethiopic በተለያየ ውፍረት ስለሚመጣ እሱን አሳያት። ካልበቃ ግራፊክስ ሠሪው የ«ኬ»ን ቀለበት ብቻ በእጁ ከፈት ያድርግልሽ አላት። የአማርኛውና የቁቤው ጽሑፍ በቁጥር እኩል ቢሆንም በዓይን እኩል ላይመስል ይችላል፤ በተለይ ቁቤው በትልልቅ ፊደል ከተጻፈ ገዝፎ ይወጣል። ቁጥሩን ትተሽ በዓይን አመጣጥኚው ብሏል። በመጨረሻም ሥራውን ስትረከቢ JPG ብቻ አትቀበይ፣ SVG ወይም በቬክተር የተሠራ PDF ስጠኝ በይው አላት። JPG ለስልክ ይሆናል፤ ባነር ላይ ሲለጠጥ ግን ጠርዙ ይቦጫጨቃል። ከዚያ ሌላ ማተሚያ ቤት ሄደሽ እንደገና ታስይዋለሽ።

መልስ 26 ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ለውጡን ሁሉ ስንት ያስከፍላል የሚል። ማንም ዋጋ አልጠራም።

መልስ 27 ስሙን ንግድ ፈቃዱ ላይ ካስመዘገብሽ የአንቺ ነው፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም አለ። መልስ 28 ይህን አረመ። በጽሑፏ የሕግ ሰው ትመስላለች። ግማሹ ልክ ነው አለች። የንግድ ስም የሚመዘገበው በንግድ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነው፤ ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም የሚያደናግር ከሆነ አይቀበሉሽም። ይህ ግን የሱቁን ስም እንጂ ከረጢቱ ላይ ያለውን ምልክት አይጠብቅልሽም። አበባዋና «ኬሎ» የሚለው ጽሑፍ የንግድ ምልክት ናቸው። እነሱ የሚመዘገቡት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ጥበቃው ሰባት ዓመት ነው፣ ይታደሳል። «ባልትና» ወይም «ንጹሕ በርበሬ» የሚለውን ግን ብቻዬን ልያዘው ብትዪ አይሆንም፤ ዕቃውን የሚገልጽ ቃል የሁሉም ነጋዴ ነው። ኬሎ በርበሬን ስለማይገልጽ በዚህ በኩል ከኡርጋ ይሻላል አለች። መልስ 27 ለትንሽ ሱቅ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል ብሎ ተመለሰ። እሷም ሱቁ ትንሽ ሲሆን ነው የሚቀለው፣ ስሙ ከታወቀ በኋላ ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበው ነው የሚከብደው ብላ ተወችው።

መልስ 29 የጠያቂዋ ነው። ሁሉንም አመሰገነች። አበባዋን በጥቁር አሳንሳ አትማ እንዳየችውና ስድስቱ ቅጠል ተጣብቀው ኮከብ እንደመሰሉባት ጻፈች። ወደ አምስት ልታወርደው ነው። ሰኞ ንግድ ቢሮ ሄዳ ስሙ ተይዞ እንደሆነ ትጠይቃለች።

መልስ 30 የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ነው። አምስት ይሻላል አለ፤ መልሱ ሳይመጣ ግን አንድም ከረጢት እንዳታዝ።